«ተሸለመች» ልክ ሆኖ «ተሰጠች» ስህተት የሚሆነው ለምንድነው?

የደብተር_ጓደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴን ልጅ ሰዋስው እያስጠናኋት ነው። የቤት ሥራዋ ገቢር ዓረፍተ ነገርን ወደ ተገብሮ መለወጥ ነው። አንድ ተሳቢ ብቻ ሲኖር ምንም አያስቸግርም። «ልጁ መስኮቱን ሰበረው» ከተባለ «መስኮቱ በልጁ ተሰበረ» ትላለህ፣ አለቀ። ተሳቢው ሁለት ሲሆን ነው ጉዱ የሚመጣው።

ሁለት ጥያቄ ተከታትለው መጡ። የመጀመሪያው «ድርጅቱ ተማሪዋን መጽሐፍ ሸለማት» ነው። እሷ «ተማሪዋ በድርጅቱ መጽሐፍ ተሸለመች» ብላ ጻፈች፣ ልክ ተባለላት። ቀጥሎ «ድርጅቱ ለተማሪዋ መጽሐፍ ሰጣት» የሚል መጣ። በዚያው አካሄድ «ተማሪዋ በድርጅቱ መጽሐፍ ተሰጠች» አለች። ኤክስ!

ልጅቷ «ሁለቱም መጽሐፍ አገኘች ማለት አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጆሮዬ «ተሰጠች» የሚለውን አልወደደውም፣ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ኮማ_ነጥብ

መምህሩ ነው የተሳሳተው ባይ ነኝ። ሁለት ተሳቢ ካለ የፈለግከውን አንስተህ ባለቤት ማድረግ ትችላለህ። በእንግሊዝኛ «ሺ ዋዝ ጊቨን አ ቡክ» ይባል የለ? ሰውየውንም ዕቃውንም ማምጣት ይቻላል፣ ሁለቱም ልክ ነው። የአማርኛው ለምን ይለያል? ግሱ ላይ «ተ» ጨምር፣ አድራጊው ላይ «በ» ጨምር፣ የፈለግከውን ተሳቢ ፊት አምጣ። ውጤቷ ይስተካከልላት በይው።

ፊደል_ቆጣሪ

ኮማ፣ ተረጋጋ። መምህሩ ልክ ነው። የእንግሊዝኛውን ደንብ እንዳለ አማርኛ ላይ መጫን ነው ይህን ስህተት የሚወልደው።

«ተሰጠች» ስንል ማን ነው የተሰጠው? አማርኛ ግስ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ች» የተሰጠችው ራሷ ልጅቷ ናት እያለች ነው። ለማን እንደተሰጠች ባናውቅም ተላልፋ የተሰጠች ሰው ሆነች ማለት ነው። መጽሐፉ ደግሞ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ምን እንደሚሠራ አይታወቅም።

ትክክለኛው «ለተማሪዋ በድርጅቱ መጽሐፍ ተሰጣት» ነው። ባለቤቱ መጽሐፉ ነው። ልጅቷ በ«አት» ብቻ ነው የምትታየው፣ በገቢሩ «ሰጣት» ላይ እንደነበረችው። ተገብሮ ሲሆን እሷ ከቦታዋ አልተነሳችም።

ካላመናችሁ ዕቃውን በሴት ፆታ በሚጠራ ነገር ቀይሩት። «ጎረቤቱ ለልጁ ድመቷን ሰጠው» እንበል። ተገብሮው «ድመቷ ለልጁ ተሰጠችው» ነው። አሁን «ተሰጠች» መጣ አይደል? የመጣው ግን ለድመቷ ነው። ልጁ ወንድ ስለሆነ «ው» ሆኖ ከኋላ ተለጠፈ። ግሱ ማንን እንደሚከተል ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አላውቅም።

«ሸለመ» ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የምትሸለመው ራሷ ተማሪዋ ናት። ገቢሩን እይው፣ «ተማሪዋን» ይላል፣ «ለተማሪዋ» አይልም። ስለዚህ ባለቤት መሆን ትችላለች፤ «ተሸለመች» ያለ ችግር ይሄዳል።

የደብተር_ጓደኛ

ኦ! የድመቷ ነገር ገባኝ። ግን ልጅቷ ፈተና ላይ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ማሰብ አትችልም። አንድ ፈጣን ዘዴ የለም?

ፊደል_ቆጣሪ

አለ። እኔ ሁልጊዜ የምጠቀምበት ይህን ነው፤ ሰውየውን አውጥተህ «እኔ»ን አስገባ። ከዚያ በቃልህ ተናገረው። ደንብ ሳታስብ ምላስህ ራሱ ይመርጣል።

ሸለሙኝ፤ ተሸለምኩ።
ጠየቁኝ፤ ተጠየቅኩ።
ከለከሉኝ፤ ተከለከልኩ።
ቀሙኝ፤ ተቀማሁ።

እነዚህ ላይ «እኔ» ባለቤት ሆኛለሁ፣ ግሱ በ«ኩ» ወይም በ«ሁ» አለቀ። አሁን ሌሎቹን ሞክሩ።

ሰጡኝ፤ ተሰጠኝ።
ነገሩኝ፤ ተነገረኝ።
ከፈሉኝ፤ ተከፈለኝ።
ላኩልኝ፤ ተላከልኝ።
ፈረዱብኝ፤ ተፈረደብኝ።

«ተሰጠሁ» ብሎ መጽሐፍ ማግኘቱን የሚናገር ሰው አለ? የለም። «ተነገርኩ» የሚልስ? እሱም የለም። በ«ኝ» ካለቀ ሰውየው ባለቤት አልሆነም፣ ዕቃው ወይም ወሬው ነው ባለቤቱ። እንግዲህ ወደ ጥያቄው ተመለስና «ኩ» የወጣበትን በ«ች»፣ «ኝ» የወጣበትን በ«አት» ተካው። «ተሸለምኩ» ካልክ «ተሸለመች» ትላለህ፤ «ተሰጠኝ» ካልክ «ተሰጣት»። በቃ።

ምን_አገባኝ

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ ግን ተገብሮ መጻፍ ራሱ ጥሩ አይደለም። ጽሑፍ ያደክማል፣ ማን እንዳደረገው ይደብቃል። ልጅቷን በገቢር መጻፍ ብታለማምጃት ይሻላል። «ድርጅቱ ሰጣት» ምን ጎደለው?

የደብተር_ጓደኛ

ወንድሜ የቤት ሥራው እኮ «ወደ ተገብሮ ለውጥ» ነው የሚለው 😅 «አልለውጥም፣ ገቢሩ ይሻላል» ብላ ትመልስ?

አርታኢ_ማታ

የማታ ፈረቃ ላይ የዜና ጽሑፍ አርማለሁ። ይህ ስህተት የልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቀን «ሠራተኞቹ የሦስት ወር ደመወዝ ተከፈሉ» የሚል ርዕስ መጣልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ከፈለ» መክፈልም ነው፣ ለሁለት ማድረግም ነው። «ሠራተኞቹ ተከፈሉ» ሲባል እኔ የታየኝ ተጣልተው በሁለት ጎራ ሲቆሙ ነው።

«ሠራተኞቹ የሦስት ወር ደመወዝ ተከፈላቸው» ብዬ አስተካከልኩት። ጸሐፊው ተከራከረኝ። «ሠራተኞቹ ብዙ ስለሆኑ ግሱም ብዙ መሆን አለበት» አለ። የእኔ መልስ፣ ብዛታቸው እኮ «ኣቸው» ላይ አለ፣ ግሱ የሚከተለው ደመወዙን ነው የሚል ነበር። አሁን የፊደል ቆጣሪን ዘዴ ሳየው «ተከፈልኩ ትላለህ ወይስ ተከፈለኝ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ ክርክሩ ባጭሩ ይቀጭ ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። እኔ «ሠራተኞቹ» ብዬ ነው የተውኩት፣ «ለ» አልጨመርኩም። «ለሠራተኞቹ» ማለት ነበረብኝ?

ፊደል_ቆጣሪ

ለዜና ርዕስ የአንተ ጥሩ ነው። ሰው ሲናገርም እንደዚያ ነው፣ ወሬው ስለማን እንደሆነ ለማሳየት ሰውየውን ያለ «ለ» ፊት ያመጣዋል። «ልጁ ራበው» እንደምንለው ማለት ነው። ልጁ ፊት ቢቀመጥም «ራበ» ለእሱ አይገዛም፤ ልጁ ያለው «ው» ላይ ነው። «ጠፋኝ»፣ «ደከመኝ»ም እንደዚሁ ናቸው፣ «ተሰጠኝ» ለጆሯችን እንግዳ ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ለመልመጃ ግን «ለ»ን ባትጥላት ይሻላል። ገቢሩ ላይ «ለ» ካለ ተገብሮውም ላይ ይኑር። የሚያርመው ሰው እንዳይጠራጠር።

ጋሼ_ጠመኔ

እዚህ ላይ አልስማማም። ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። «ተማሪዋ መጽሐፍ ተሰጣት» ብሎ ለጻፈልኝ ሙሉ ውጤት ነው የምሰጠው። ግሱን በትክክል ካስተካከለ ዋናውን ነገር አውቆታል። «ለ»ን ስለጣለ ውጤት መቀነስ ልጁን የሚናገረውን አማርኛ እንዲጠራጠር ማድረግ ነው። «መጽሐፉ ለተማሪዋ ተሰጠ» ብሎ «አት»ን ለተወውም እንዲሁ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

ጋሼ፣ እርስዎ ቢያርሙት እኔም ደስ ይለኛል። ግን መልስ ቁልፍ ይዞ አንድ መልስ ብቻ የሚያርም ብዙ ነው። ለዚያ ነው የተጠነቀቅኩት።

ኮማ_ነጥብ

እሺ ድመቷ አሳመነችኝ። ግን ካላችሁት ሁሉ ቀለል ያለ ደንብ አገኘሁ። ገቢሩ ላይ ሰውየው «ን» ካለው ባለቤት ይሆናል፣ «ለ» ካለው አይሆንም። ጨረስን። «እኔ» ምናምን ማለት አያስፈልግም።

ፊደል_ቆጣሪ

አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፣ ጥሩ ነው ያየኸው። ሁለት ቦታ ላይ ግን ይከዳሃል።

አንደኛ፣ የመልመጃ ጸሐፊው ሰውየውን በስሙ ላይጠራው ይችላል። «ድርጅቱ መጽሐፍ ሰጣት» ብቻ ቢል «ን»ም «ለ»ም የለም። ያኔ ምን ታያለህ? «እኔ»ን ማስገባት ግን ይሠራል።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ግስ ሁለቱንም ይቀበላል። «ሥዕሉን ለልጁ አሳየው» ይባላል፣ «ልጁን ሥዕሉን አሳየው»ም የሚል አለ። በአንተ ደንብ ከሁለተኛው ተነስተህ «ልጁ ሥዕሉን ታየ» ልትል ነው። ልጁ ታየ እኮ ሌላ ነገር ነው፣ ሰው አየው ማለት ነው።

የ«ን» ነገር ከተነሳ አይቀር ሌላም የምትጠቅም ነገር አለች። ዕቃው ላይ ያለችውን «ን» ተከታተሏት። «ሌባው ልጅቷን ስልኳን ቀማት» የሚለው ወደ ተገብሮ ሲለወጥ «ልጅቷ ስልኳን ተቀማች» ይሆናል። የልጅቷ «ን» ወደቀች፣ የስልኩ ግን ቆየች። ልጆች «ተገብሮ ውስጥ ን የለም» ተብለው ስለተማሩ «ልጅቷ ስልኳ ተቀማች» ብለው ይጽፋሉ፣ ዓረፍተ ነገሩ ባለ ሁለት ባለቤት ይሆናል። ባለቤት ከሆነው ላይ ብቻ ነው «ን» የምትነሳው። በ«ሰጠ» ላይ ግልባጩ ነው። «ለተማሪዋ መጽሐፉን ሰጣት» ሲለወጥ «መጽሐፉ ለተማሪዋ ተሰጣት» ነው፣ ባለቤቱ መጽሐፉ ስለሆነ «ን»ው ከእሱ ላይ ወደቀ። «ልጁ እግሩን ተመታ» ስትሉም ያው ነው፣ ልጁ ባለቤት፣ እግሩ «ን»ውን ይዞ ቀረ።

የደብተር_ጓደኛ

ዛሬ ልጅቷ በ«እኔ» ዘዴ ሌላ ገጽ ሠራች፣ በጣም ጥሩ ሄደች። አንዱ ላይ ግን ሁለታችንም ቆምን። «መምህሩ ለተማሪዋ መጽሐፉን ይሰጣታል» ይላል። ሠርታ ሠርታ «መጽሐፉ በመምህሩ ለተማሪዋ ይሰጣታል» ላይ ደረሰች። ከዚያ «ግሱ አልተለወጠም እኮ፣ ተሳስቻለሁ» ብላ ሰረዘችው። «ይተሰጣታል» ብላ ጻፈች። እንደሱ እንደማይባል እኔም አውቃለሁ፣ ግን ያልተለወጠ ግስ እንዴት ተገብሮ ይሆናል?

ፊደል_ቆጣሪ

የሰረዘችው ልክ ነበር! ንገሪያት ቶሎ።

ግሱ ተለውጧል፣ ፊደሉ ነው ያላሳየው። «ይ» ከፊቱ ሲመጣ «ተ» ለብቻዋ አትቆምም፣ ቀጥሎ ባለው ፊደል ውስጥ ትገባና ታጠብቀዋለች። «ይሰበራል» ስትሉ «ሰ» ጠብቆ አይደል የሚነበበው? እዚያ ላይ ግን «ብ» ወደ «በ» ስለሚቀየር፣ «ይሰብራል» እና «ይሰበራል» ብለን በዓይን እንለያቸዋለን። «ሰጠ» ላይ ይህ ልዩነት አይታይም። ሁለቱም «ይሰጣል» ተብለው ይጻፋሉ።

ድምፅ አውጥታ ታንብበው። ገቢሩን ስታነብ «ሰ»ም «ጣ»ም ይላላሉ። ተገብሮውን ስታነብ ሁለቱም ይጠብቃሉ። ወረቀት ላይ ተገብሮ መሆኑን የሚያሳዩት መጽሐፉ ላይ ያለችው «ን» መውደቋና «በመምህሩ» መምጣቱ ብቻ ናቸው። «ይቀማል»ም እንዲሁ ነው። «ይሸልማል» ግን «ይሸለማል» ስለሚሆን ለዓይንም ይለያል።

አርታኢ_ማታ

ይህንን ሳላስተውለው ነው ስንት ዓመት የሠራሁት። ለዚያ ነው ለካ «ለተጎጂዎች እርዳታ ይሰጣል» የሚለውን አንባቢ ሁለቴ የሚያነበው። ማን ነው የሚሰጠው እያለ ወደ ላይ ይመለሳል።

ጋሼ_ጠመኔ

እስቲ አንድ ከባድ ላምጣ። «እናትየዋ ልጁን ምሳ አበላችው» የሚለውን ወደ ተገብሮ ለውጡ።

አንድ ተማሪዬ «ልጁ በእናቱ ምሳ ተበላ» ብሎ ጽፎልኛል። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ልጁ ግን ደንቡን ነው የተከተለው፣ «አ»ን አንስቶ «ተ» አስገባ። ችግሩ «ተበላ» የመጣው ከ«በላ» ነው፣ ስለዚህ ልጁን ምሳ አደረገው። እንደኔ እንዲህ ዓይነቱን ግስ መልመጃ ላይ ማምጣት ልጆቹን ማሳሳት ነው።

ኮማ_ነጥብ

😂😂 ቁርስ ላይ ነው ያነበብኩት። ታዲያ መልሱ ምንድነው? «ልጁ ምሳ በላ»?

ፊደል_ቆጣሪ

«ልጁ ምሳ በላ» ካልክ እናትየዋ ጠፋች፣ ልጁም በራሱ እጅ በላ። ትርጉሙ ሌላ ሆነ። በ«አ» ወይም በ«አስ» የተሠራ ግስ ላይ «ተ» አይደረብም፤ ተገብሮ ለመሥራት «አ»ው መነሳት አለበት። «አ»ው ሲነሳ ደግሞ ያደረገችው ሰው አብራው ትሄዳለች። «አለበሰ»፣ «አጠጣ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። እኔ «በቀጥታ አይለወጥም» የሚል መልስ መፈቀድ አለበት ባይ ነኝ።

ጋሼ_ጠመኔ

«አበደረ»ስ? «ባንኩ ነጋዴውን ገንዘብ አበደረው»፤ «ነጋዴው ከባንኩ ገንዘብ ተበደረ»። እኔ ይህን ተገብሮ ብዬ ነው የማስተምረው። «ተ» አለው፣ ሰውየው ባለቤት ሆኗል። የ«እኔ» ዘዴህም ይሠራል፣ «አበደሩኝ»፤ «ተበደርኩ»።

ፊደል_ቆጣሪ

ጋሼ፣ «በባንኩ» ሳይሆን «ከባንኩ» አሉ። ምላስዎ ራሱ «በ»ን አልተቀበላትም። መበደር ነጋዴው ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው፤ «ሄዶ ተበደረ» ይባላል። «ሄዶ ተሸለመ» ሲባል ግን የሸለመው ሌላ ሰው ነው። ለእኔ «ተበደረ» «ተ» ያለው ገቢር ነው፣ «ተቀበለ» እንደሚባለው።

ጋሼ_ጠመኔ

ብዙ የማስተማሪያ ወረቀት ላይ ተገብሮ ተብሎ ነው ያለው። «ከ» የመጣችው ገንዘቡ ከዚያ ስለወጣ ነው፣ ያ ተገብሮነቱን አያስቀረውም። አልተዋጠልኝም።

ምን_አገባኝ

ገቢር ተጠቀሙ ብዬ ነበር።

የደብተር_ጓደኛ

😂 ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልጅቷ «ይተሰጣታል»ን ሰርዛ የሰረዘችውን መለሰች፣ ነገ ታስረክባለች። አንድ የመጨረሻ ቀርታለች። «ድርጅቱ ለተማሪዎቹ መጽሐፎቹን ላከላቸው» የሚለውን እኔ «መጽሐፎቹ ለተማሪዎቹ ተላኩላቸው» አልኩ፣ እሷ «ተላከላቸው» ትላለች። ማን ነው ልክ?

አርታኢ_ማታ

መጽሐፎቹ ብዙ ስለሆኑ «ተላኩላቸው»። እኔ እንደዚያ ነው የማርመው።

ጋሼ_ጠመኔ

ሰው ሲናገር ግን ዕቃ ሲሆን በነጠላ ነው የሚለው። «መጽሐፎቹ መጣ» የሚል አልሰማችሁም? የልጅቷን አልሰርዝባትም።

ፊደል_ቆጣሪ

ለወረቀቱ «ተላኩላቸው» በይ። መጽሐፎቹ ተለይተው ታውቀዋል፣ ቁጥራቸውም ብዙ ነው። «ብዙ መጽሐፍ ተላከላቸው» ቢሆን የልጅቷ ይሆን ነበር።